የክራር ዕድሜ በወረቀት አይታወቅም

ያረጀ ዕቃ ወደ መዝገብ በሚገባበት ጊዜ ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠየቀው «የማን ዘመን ነው?» የሚለው ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ያልተገባው መልሱ የሚፈለግበት መንገድ ነው። ባለ ዕቃው የተናገረው ቃል፥ ወይም በዕቃው ላይ ተለጥፎ የተገኘው ወረቀት እንዳለ ወደ መዝገቡ ይገለበጣል፤ ዕቃው ራሱ ግን ምን ይላል ተብሎ ሳይመረመር ወደ መደርደሪያው ይወጣል። ይህ ልማድ በሌላውም ዕቃ ላይ ይታያል፤ በክራር ላይ ግን ጉዳቱ የባሰ ነው። ክራር በአንድ ቀን ተሠርቶ እንዳለ የሚያረጅ ዕቃ አይደለምና። ቆዳው ሲቀደድ ይለወጣል፤ አውታሩ ሲበጠስ ይለወጣል፤ ቀንበሩ ሲሰበር ሌላ ይገባለታል። እንግዲህ «ይህ ክራር የስንት ዓመት ነው?» ብሎ በአንድ ቃል የሚጠይቅ ሰው፥ መልሱን ሳያገኝ ገና በጥያቄው ተሳስቷል። መጠየቅ የሚገባው፥ «ገበቴው መቼ ተቦረቦረ? ቀንበሩ መቼ ገባ? ቆዳው ስንተኛው ነው? ወረቀቱስ ከእነዚህ ከየትኛው በኋላ ተለጠፈ?» ተብሎ ነው።

በዚህ ጽሑፍ የምከራከረው ከሁለት ወገኖች ጋር ነው። አንደኛው ወገን ወረቀት ያየ እንደ ሆነ ሌላ ምስክር የማይፈልገው ነው። ሁለተኛው ወገን ደግሞ አሮጌ ክራር በእጁ የገባ እንደ ሆነ ፍቆ፥ ቀብቶ፥ አዲስ ቆዳ አልብሶ «አደስሁት» የሚለው ነው። ሁለቱ የማይገናኙ ይመስላሉ፤ ዳሩ ግን ጥፋታቸው አንድ ነው። የመጀመሪያው በክራሩ ላይ ያለውን ምስክርነት ሳያነብበው ያልፋል፤ ሁለተኛው ማንም እንዳያነብበው አድርጎ ይፍቀዋል።

ነገሩ በየትም አገር ያው ቢሆንም፥ ለምሳሌ የምወስደው የአምባሰሏን ውጫሌን ነው። ለዚህም ሁለት ምክንያት አለኝ። አንደኛው፥ ከአራቱ ቅኝቶቻችን አንዱ ስሙን ከአምባሰል፥ ሌላው ከዚያው ከወሎ ከባቲ የወሰደ ስለ ሆነ፥ በዚያ አገር ስለ ክራር መነጋገር ከቤት ስለ ወጣ ነገር መነጋገር አይደለም። ሁለተኛው፥ ውጫሌ አንድ ትልቅ ዓመተ ምሕረት አላት። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. በይስማ ንጉሥ ከኢጣልያ መንግሥት ጋር የተደረገው ውል የአገሩን ስም ከዓለም ታሪክ ጋር አያይዞታል። ትልቅ ዓመተ ምሕረት ባለበት አገር ደግሞ ማናቸውም አሮጌ ዕቃ ወደዚያ ዓመት መሳቡ አይቀርም። ጋሻ ቢገኝ የ1881 ነው፤ ዋንጫ ቢገኝ የ1881 ነው፤ ክራርም ቢገኝ በዚያ ሰፈር የተመታ ይሆናል።

ስለ ወረቀት የሚነገር ነገር ካለ ግን ከማንም ይልቅ የውጫሌ ሰው ሊጠነቀቅ ይገባው ነበር። የውሉ 17ኛ አንቀጽ በአማርኛው ንጉሡ ከሌሎች መንግሥታት ጋር ለሚላላኩት ነገር በኢጣልያ መንግሥት አማካይነት መጠቀም እንደሚችሉ ሲናገር፥ በኢጣልያንኛው ግን እንደ ግዴታ ሆኖ ተጽፎ መገኘቱን የማያውቅ ተማሪ የለም። አንድ ቀን፥ በአንድ ቦታ፥ በአንድ ነገር ላይ የተጻፉ ሁለት ጽሑፎች ሁለት ነገር ተናገሩ። ማኅተም ያለበት የመንግሥት ወረቀት እንኳ ከሌላው ጋር ሳይነጻጸር የማይታመን ከሆነ፥ ማን እንደ ለጠፈው ያልታወቀ፥ አራት ጣት የሚሆን ብጫቂ በምን ሥልጣኑ ብቻውን ይታመናል?

እንግዲህ ወደ ምሳሌው እንግባ። በውጫሌ ከአንድ ቤተሰብ እጅ ወጥቶ ለሽያጭ የቀረበ ክራር ለማየት ዕድል አጋጥሞኝ ነበር። በገበቴው ውስጥ በኩል «ውጫሌ፥ ወሎ ጠቅላይ ግዛት፥ ሚያዝያ 1881 ዓ.ም.» የሚል በቀለም የተጻፈ ወረቀት ተለጥፎበታል። ገዢው በዚህ ወረቀት ብዛት ልቡ ተነሥቶ ነበር። ክራሩን ያየነው ምንም ሳንፈታ፥ ምንም ሳናጥብ፥ በአንድ የእጅ ባትሪ፥ በአንዲት ትንሽ መስታወትና በአንድ የልብስ ሰፊ ሜትር ብቻ ነው። ይህን መናገሬ ምርመራው ትልቅ መሣሪያ የሚጠይቅ አለመሆኑን ለማስረዳት ነው።

መጀመሪያ የታየው ገበቴው ነው። ባትሪው ከላይ ሳይሆን ከጎን ተደርጎ ሲበራ፥ በእንጨቱ ላይ የመጥረቢያውና የመሮው ምቶች እያንዳንዳቸው ጥላ ጥለው ይታያሉ። ምቶቹ ያልተካከሉ፥ አንዱ ጠለቅ ሌላው ከፍ ያለ ከሆነ በእጅ የተቦረቦረ ነው፤ እንደ ቀለበት ክብ እየሆኑ የሚዞሩ መስመሮች ከታዩ ግን በመዘውር የተላገ ነው። የእኛው በእጅ የተቦረቦረ የዋንዛ ገበቴ ነበር። አፉ በእንጨቱ ጭረት አቅጣጫ ሲለካ 26 ሳንቲሜትር፥ በመስቀለኛ ሲለካ 25 ሳንቲሜትር ሆነ። አንዳንድ ሰዎች እንዲህ ያለውን ሞላላነት የእርጅና ምልክት ነው ይላሉ። አይደለም። እንጨት ሲደርቅ በጭረቱ ርዝመት የሚያጥረው ከቁጥር የማይገባ ነው፤ በወርዱ ግን ከመቶ አራትም አምስትም እጅ ይጠባል። ስለዚህ ሞላላነቱ የሚያስረዳው ምናልባት ገበቴው በእርጥቡ መቦርቦሩን ነው። እርጥብ እንጨት ደግሞ መጥበቡን በጥቂት ዓመታት ውስጥ ስለሚጨርስ፥ የሃያ ዓመቱና የመቶ ዓመቱ በዚህ አይለዩም። በእጅ የተሠራ ገበቴ ከመጀመሪያውም ክብ ላይሆን ይችላልና፥ ይህን ልኬት መዝግበን ፍርድ ሳንሰጥበት አለፍን።

ቀጥሎ የታየው የገበቴው ከንፈር ነው። እኔ የክራርን ታሪክ የሚናገር አንድ ቦታ ምረጥ ብባል ይህን እመርጣለሁ። ቆዳ በተለወጠ ቁጥር አዲሱ በእርጥቡ ይወጠርና በጠፍር ይታሰራል ወይም በሚስማር ይመታል፤ የቀድሞው ቀዳዳ ግን አብሮ አይነሣም። በዚህ ክራር ላይ ሦስት ዐይነት ቀዳዳዎች ተገኙ። የመጀመሪያዎቹ በጋለ ብረት የተበሱ፥ ውስጣቸው የጠቆረ፥ ጠርዛቸው በጠፍር መጎተት የተበላ ናቸው። ሁለተኛዎቹ አራት ማዕዘን ያላቸው ትንንሽ የሚስማር ቀዳዳዎች ሲሆኑ በእድፍና በጥላሸት ተደፍነዋል። ሦስተኛዎቹ አሁን ያለውን ቆዳ የያዙት የፋብሪካ ክብ ሚስማሮች ናቸው። ከዚህ የምንረዳው ቆዳው ቢያንስ ሦስተኛው መሆኑን ነው። «ቢያንስ» ማለቴ፥ ባለ እጁ የቀድሞውን ቀዳዳ መልሶ ተጠቅሞበት ሊሆን ስለሚችል ነው። አንድ ቆዳ ስንት ዓመት እንደሚቆይ ደግሞ የተወሰነ ልክ የለውም፤ በዝናብና በጠብ አንድ ክረምት የማይሞላ አለ፤ በተንከባካቢ እጅ ብዙ ዘመን የሚኖር አለ። ስለዚህ የቆዳዎቹን ቁጥር በዓመት አባዝቶ ዕድሜ ማውጣት ሞኝነት ነው። ቅደም ተከተሉን ግን ማንም ሊክደው አይችልም፤ ጠፍሩ ቀደመ፥ አራት ማዕዘኑ ሚስማር ተከተለ፥ ክቡ ሚስማር በመጨረሻ መጣ።

ከዚያ ወደ ቋሚዎቹና ወደ ቀንበሩ ወጣን። ቋሚዎቹ እንደ ገበቴው ዋንዛ ናቸው። ቀንበሩ ግን ከእነርሱ ይልቅ የከበደ፥ ጭረቱ የተጠማዘዘ፥ ጫፍና ጫፉ የተሰነጣጠቀ እንጨት ነበር፤ ባሕር ዛፍ ነው። በዚህ ጊዜ ከተመልካቾቹ አንዱ ነገሩ ያለቀ መሰለው። ባሕር ዛፍ ወደ አገራችን የገባው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፥ በ1887 ዓ.ም. ገደማ መሆኑ የታወቀ ነው፤ ውሉ የተፈረመው በ1881 ነው፤ እንግዲህ ክራሩ ሐሰተኛ ነው አለ። ፍርዱ ትክክል የሚሆነው ቀንበሩ ከክራሩ ጋር አብሮ ከተሠራ ብቻ ነው። ይህን ሳያረጋግጡ መፍረድ ወረቀቱን ሳያረጋግጡ ከማመን በምንም አይሻልም።

ባትሪው ወደ ቋሚዎቹ ጫፍ ሲጠጋ ነገሩ ተገለጠ። ከቀንበሩ በታች በሁለቱም ቋሚዎች ላይ እንደ ቀለበት የሆነ ነጣ ያለ ቦታ ታየ። ሌላው እንጨት ሁሉ በጭስ ጠቁሮ ሳለ ይህ ቦታ ያልጠቆረው፥ አንድ ነገር ለብዙ ጊዜ ሸፍኖት ስለ ኖረ ነው። ነጩ ቦታ ከአሁኑ ቀንበር ወርድ በአንድ ሳንቲሜትር ይተርፋል። የሸፈነው እንግዲህ ከአሁኑ የሰፋ ሌላ ቀንበር ነበር። የቀድሞው ወርዱ የሰፋ ስለ ነበረ፥ አዲሱ እንዳይወላገድ በመጋጠሚያው ላይ የጨርቅ ቁራጭ ተወትፎበታል። በአሁኑ ቀንበር ላይ ለመቃኛ የተበሱት ስድስት ቀዳዳዎች ንጹሕ ናቸው፤ በዱሮው አሠራር አውታሩ ከቆዳ ወይም ከጨርቅ ጥቅል ጋር በቀንበሩ ላይ ተጠምጥሞ እየተሾረ ሲቃኝ በእንጨቱ ላይ የሚተወው የተላጨ ዙሪያ በዚህ ላይ የለም። ቀንበሩ ስለዚህ ምትክ ነው፤ ምትኩም ከ1887 ወዲህ ነው፤ ስለ ገበቴውና ስለ ቋሚዎቹ ዕድሜ ግን ምንም አይናገርም።

አውታሮቹ ናይለን ነበሩ። ናይለን በአሜሪካ የተገኘው በ1935 እ.ኤ.አ. ነው፤ ስለዚህ ከጅማት በኋላ የመጡ ናቸው። ይህን ለማወቅ ግን ሊቅ መሆን አያስፈልግም፤ በአውታር ዕድሜ ክራርን የሚመዝን ሰው በጫማ ማሰሪያ የባለ ጫማውን ዕድሜ እንደሚገምት ነው።

በመጨረሻ ወረቀቱ ጋ ደረስን። መጨረሻ ላይ ማድረጋችን ሆን ብለን ነው፤ ወረቀት መጀመሪያ የተነበበ እንደ ሆነ ዐይን ከዚያ በኋላ የሚያየው ወረቀቱ የነገረውን ብቻ ነውና። መስታወቷ በቆዳው ላይ ባለው የድምፅ ቀዳዳ በኩል ገብታ ባትሪው ሲበራ፥ ገበቴው ከከንፈሩ እስከ መቀመጫው ድረስ ተሰንጥቆ እንደ ነበረና የተሰበረ ቅል እንደሚሰፋ ሁሉ በቀጭን ጠፍር ተሰፍቶ እንደ ተጠገነ ታየ። ወረቀቱ የተለጠፈው በዚሁ ስንጥቅ ላይ ነው። ከስንጥቁ ግራና ቀኝ ተዘርግቶ አልተቀደደም፤ የአንዱ ስፌት ጫፍም ከወረቀቱ ሥር ገብቶ ይታያል። እንግዲህ ወረቀቱ ከስንጥቁ ቀድሞ ቢሆን ኖሮ እንጨቱ ሲሰነጠቅ አብሮ በተቀደደ ነበር፤ ከስፌቱም ቀድሞ ቢሆን ጠፍሩ ከላዩ ባለፈ ነበር። ከላይ ያለው ከታች ካለው የዘገየ ነው። ገበቴው ተሠራ፤ ከዚያ ተሰነጠቀ፤ ከዚያ ተሰፋ፤ ከዚያ በኋላ ወረቀት ተለጠፈበት። በሠሪው እጅ የተለጠፈ ወረቀት አይደለም።

ቃሉም ራሱን አጋልጧል። «ጠቅላይ ግዛት» የሚለው የአስተዳደር ስም ሆኖ የጸናው በ1934 ዓ.ም. በወጣው የአስተዳደር ደንብ ነው፤ ከ1967 ዓ.ም. በኋላም በ«ክፍለ ሀገር» ተተክቷል። በ1881 የተቀመጠ ጸሐፊ ከሃምሳ ዓመት በኋላ የሚወጣውን የአስተዳደር ስም ሊጽፍ አይችልም። ወረቀቱ የተጻፈው ከ1934 ወዲህ ነው፤ በጣም የሚገመተውም ስሙ በሥራ ላይ በነበረበት ዘመን ነው። ከዚህም በላይ የክራር ሠሪዎቻችን ስማቸውንና ዘመኑን በወረቀት ጽፈው በገበቴ ውስጥ የመለጠፍ ልማድ አልነበራቸውም። ይህ የፈረንጅ ቫዮሊን ሠሪዎች ልማድ ነው። በክራር ውስጥ እንዲህ ያለ ወረቀት ሲገኝ ስለዚህ ደስታ ሳይሆን ጥርጣሬ ሊቀሰቅስ ይገባዋል።

ይህን ሁሉ የሰማው ገዢ ምን አለ? «እንግዲያማ የማይረባ ነው» ብሎ ክራሩን ወደ ጎን አደረገው። በእኔ አስተያየት ይህ ከመጀመሪያው ስሕተት የሚብስ ሁለተኛ ስሕተት ነው። ወረቀቱ ሐሰት መናገሩ ክራሩን ሐሰተኛ አያደርገውም። በእጅ የተቦረቦረ ገበቴ፥ ቢያንስ ሦስት ጊዜ ቆዳ የለበሰ፥ ተሰንጥቆ በባለ እጅ የተሰፋ፥ ቀንበሩ ተሰብሮ የተተካለት፥ በብዙ ሰዎች እጅ ያለፈ እውነተኛ ክራር ነው። የጎደለው ነገር ቢኖር ከአንድ ትልቅ ቀን ጋር የተያያዘ ስም ብቻ ነው፤ እርሱንም ክራሩ አልጠየቀም፥ ሰው ነው የጫነበት።

በቫዮሊን ዓለም ይህ ከታወቀ ብዙ ዘመን ሆኖታል። በጀርመንና በፈረንሳይ በ19ኛው መቶ ዓመትና ከዚያ ወዲህ እጅግ ብዙ ቫዮሊኖች ተሠርተው፥ በየውስጣቸው የታላቁ የክሬሞና ባለ እጅ የአንቶንዮ ስትራዲቫሪ ስም የታተመበት ወረቀት ተለጥፎባቸው ተሸጠዋል። በአንዳንዶቹ ላይ ከክሬሞናው ስም በታች የተሠሩበት የጀርመን አገር ስም ሳይቀር ተጽፏል፤ በ1890 እ.ኤ.አ. የወጣው የአሜሪካ የጉምሩክ ሕግ ወደዚያ የሚገባ ዕቃ የተሠራበትን አገር እንዲያሳይ ስላስገደደ ነው። ስለዚህ አዋቂ ሰው ቫዮሊን ሲቀርብለት ወረቀቱን በመጨረሻ ያየዋል። በኦክስፎርድ የሚገኘውና 1716 የሚል ዘመን ያለበት «መሲሕ» የተባለው ቫዮሊን እንኳ እውነተኛነቱ ሲያከራክር፥ የፊቱ ሰሌዳ የዛፍ ቀለበቶች ተቈጥረው የመጨረሻው ቀለበት በ1680ዎቹ የበቀለ ሆኖ ተገኘ። ይህ ዛፉ ከተጻፈው ዘመን በፊት መቈረጡን የሚቃወም ነገር እንደሌለ ያሳያል፤ ሠሪው ማን እንደ ሆነ ግን አይናገርም። ትልቁ መሣሪያም እንኳ የሚናገረውን ያህል ብቻ ነው የሚናገረው።

«እኛስ ለምን ክራሩን በላቦራቶሪ አናስመረምርም?» የሚል ሰው ይኖራል። የቀለበቱ ቈጠራ ለክራር አይሆንም፤ የክራር ፊት ቆዳ ነው እንጂ በየዓመቱ ቀለበት የሚጥል የጥድ ሰሌዳ አይደለም። በካርቦን የሚደረገው ምርመራም ቢሆን ከ17ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ወዲህ ላለው ዘመን መልሱ የተደበላለቀ ስለሚሆን፥ የ1881ን እንጨት ከ1920ው ለመለየት አይችልም። አንድ የሚጠቅምበት ነገር ቢኖር፥ ከ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. አጋማሽ በኋላ የኖረ እንስሳ ቆዳ በአቶሚክ ቦምብ ሙከራዎች ምክንያት በአየር ላይ የበዛውን ካርቦን ስለሚይዝ፥ ቆዳው የቅርብ መሆኑን ሊያጋልጥ መቻሉ ነው። ያንን ደግሞ የከንፈሩ ሚስማር ያለ ወጪ ነግሮናል።

አሁን ወደ ሁለተኛው ወገን፥ ወደ አዳሾቹ እመለሳለሁ። ከላይ የተዘረዘረው ሁሉ ከየት ተገኘ? ከጭስ፥ ከእድፍ፥ ከአሮጌ ቀዳዳ፥ ከተወተፈ ጨርቅና ከስፌት ነው። አዳሹ ግን ሥራውን የሚጀምረው እነዚህን በማጥፋት ነው። በብርጭቆ ወረቀት ሲፍቀው ያ ነጣ ያለው ቦታ ከቀረው እንጨት ጋር አንድ ይሆናል። በሙጫና በሰጋቱራ ሲደፍነው ሦስቱ ዐይነት ቀዳዳዎች ይጠፋሉ። ቫርኒሽ ሲቀባው የመጥረቢያው ምት ይሸፈናል። የጊታር መቃኛ ብረት ሲያስገባለት ቀንበሩ ይቦረቦራል። በመጨረሻ የሚያብረቀርቅ ክራር ያስረክባል፤ ስለ ራሱ ምንም ሊናገር የማይችል ድዳ ክራር!

ከዚህም የሚከፋው፥ አዳሹና አስመሳዩ የሚጠቀሙበት እጅ አንድ መሆኑ ነው። አንዱ አሮጌውን አዲስ ያደርጋል፤ ሌላው አዲሱን አሮጌ ያደርጋል። የአስመሳዩን ሥራ ለመለየት ግን ጥቂት ነገር ይበቃል። በቤት ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ የኖረ ክራር ጭሱን እኩል አይቀበልም፤ ወደ ውጭ የዞረው ፊት ይጠቁራል፥ ግድግዳውን የነካው ጀርባ ይነጣል፥ ማንገቻው የታሰረበትና እጅ የሚነካካው ቦታ ይላጫል። ከላይ እስከ ታች እኩል የጠቆረ ክራር ግን በአንድ ሌሊት የጠቆረ ነው፤ በረጠበ ነጭ ጥጥ ሲታሽም ጥቁረቱ ይለቃል። ነቀዝም እንዲሁ ነው። ነቀዝ ከእንጨት ሲወጣ የሚተወው ክብ ቀዳዳ ነው፤ ውስጥ ለውስጥ የሄደበት መንገድ ከውጭ አይታይም። መንገዱ እንደ ቦይ ተከፍቶ በገጹ ላይ ከታየ፥ እንጨቱ የተጠረበው ከተነቀዘ በኋላ ነው፤ ይኸውም ካረጀ ምሰሶ ወይም ከወደቀ ሞፈር ላይ የተወሰደ አሮጌ እንጨት እንጂ አሮጌ ክራር አይደለም።

«ክራር የተሠራው ሊመታ ነው፤ እንደ አጽም ተሰቅሎ ሊታይ አይደለም» የሚለውን ክርክር አውቀዋለሁ፥ አከብረውማለሁ። ክራር የሚመታ ሰው ቆዳው ሲቀደድ ሌላ ማልበሱ የአባቶቹ ወግ ነው፤ በዚያ የውጫሌ ክራር ላይ ያየናቸው ጥገናዎች ሁሉ በዚሁ ወግ የተደረጉ ናቸው። የቀድሞው ባለ እጅ ግን ገበቴው ሲሰነጠቅ ስንጥቁን ሰፋ እንጂ አልሸሸገም፤ ቀንበሩ ሲሰበር ቀንበሩን ተካ እንጂ ቋሚውን አልፋቀም። የሚያስፈልገውን ብቻ አድርጎ የቀረውን ተወ። የዛሬው አዳሽ ደግሞ ይህንኑ ቢያደርግ ጠበኛው አይደለሁም። አሮጌውን ቆዳ ሲያነሣ ከነሚስማሩ በከረጢት አድርጎ፥ የተነሣበትን ቀን ጽፎ ከክራሩ ጋር ያኑር፤ አዲሱን በቀድሞው ቀዳዳ ይሰር፤ እንጨቱን አይንካ። ይህ ዋጋ አያስወጣም።

ሌላው ክርክር የቤተሰብን ቃል የሚመለከት ነው። «አያታችን ነገሩን» የሚል ሰው ሐሰተኛ ነው ማለቴ አይደለም። የቤተሰብ ቃል ክራሩ በማን እጅ እንደ ነበረ፥ ማን ይመታው እንደ ነበረ፥ መቼ እንደ ወደቀና ማን እንደ ሰፋው ይናገራል፤ እንጨቱ ይህን ሊናገር አይችልም። ስሕተቱ ሁለቱን ምስክሮች ቀላቅሎ በአንድ መስመር መጻፍ ነው። ቃሉ የተናገረው ሰው ስምና ቀን ተጨምሮበት በራሱ ቦታ ይጻፍ፤ ዕቃው ያሳየውም በራሱ ቦታ ይጻፍ። ሲስማሙ መልካም ነው፤ ሲለያዩም ልዩነቱ ራሱ መዝገብ ሊገባ የሚገባው ነገር ነው።

ስለዚያ ክራር መጻፍ የነበረበት እንግዲህ ይህ ነው፤ «ገበቴና ቋሚ፥ ዋንዛ፥ በእጅ የተሠራ፥ ቢያንስ ከሁለት የቆዳ ለውጥ በፊት፤ ገበቴው ተሰንጥቆ በጠፍር የተሰፋ፤ ቀንበር፥ ባሕር ዛፍ፥ ምትክ፥ ከ1887 ወዲህ፤ አውታር፥ ናይለን፥ የቅርብ፤ ወረቀት፥ ከስፌቱ በኋላ፥ ከ1934 ወዲህ የተለጠፈ፤ 1881 የሚለው በዕቃው አልተረጋገጠም።» ይህ አጻጻፍ «የምኒልክ ዘመን ክራር» ከማለት ይልቅ ለጆሮ አይጥምም። ነገር ግን ከመቶ ዓመት በኋላ የሚያነብበው ሰው እያንዳንዱን ቃል ከክራሩ ጋር እያስተያየ ሊያጣራው ይችላል፤ ያኛውን ግን ማመን ወይም መካድ እንጂ ማጣራት አይችልም።

ነገሩ ለመዝገብ ንጽሕና ብቻ የተነሣ እንዳይመስል አንድ ነገር ልጨምር። በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ጊዜ የደሴ ቤተ መዘክር ተዘርፏል። የተዘረፈ ዕቃ አንድ ቀን በገበያ ወይም በአንድ ቤት ሊገኝ ይችላል። ያን ጊዜ «አሮጌ ክራር፥ የ1881» የሚል መዝገብ ለማንም አይጠቅምም፤ እንዲህ ያለ ስም ለማናቸውም ክራር ይሆናልና፤ ሌባም ወረቀቱን ቀዶ ይጥለዋል። በከንፈሩ ላይ ያሉትን ቀዳዳዎች፥ በጠፍር የተሰፋውን ስንጥቅና በቋሚዎቹ ጫፍ ያለውን ነጭ ቦታ ግን ከክራሩ ሊያወልቅ አይችልም። ያ ጥገና፥ ያ ጠባሳ የክራሩ መታወቂያ ነው፤ አስቀድሞ የጻፈው ሰው ካለ ክራሩን ለባለቤቱ ያስመልሳል።

አባቶቻችን «ነገር ከሥሩ፥ ውሃ ከጥሩ» ይላሉ። የክራር ሥሩ ገበቴው ነው። መዝገብ የያዘ ሹም፥ ተማሪዎቹን ወደ ቤተ መዘክር የሚወስድ መምህር፥ ከአያቱ ቤት ግድግዳ ላይ ክራር ያገኘ ተማሪ ሁሉ፥ ወረቀቱን ከማንበቡ በፊት ከንፈሩን ያንብብ፤ ብርጭቆ ወረቀቱንም ከእጁ ያስቀምጥ።